የእድርና የእቁብ ቡድን በየትኛው መተግበሪያ ቢሰበሰብ ያዋጣል?

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ የእድር ጥሪና የእቁብ ቀን ማስታወሻ ወደ እጅ ስልክ እየተሻገረ ነው። ለዚሁ ከሚያገለግሉት መተግበሪያዎች መካከል ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ሲግናል ይገኙበታል። ሦስቱም በነፃ የሚጫኑ ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው የሚገለጠው ገንዘብ ነክ ጉዳይ ሲመጣ ነው።

300 አባላት ያሉትን እድር እንውሰድ። ሲግናል እስከ 1,000፣ ዋትስአፕ እስከ 1,024፣ ቴሌግራም እስከ 200,000 ሰው በአንድ ቡድን ስለሚይዙ፣ የአባላት ብዛት ለመንደር እድር መምረጫ አይሆንም።

ወጪ የሚያስከትለው ፋይል ነው። ጸሐፊው የዓመቱን ሒሳብ 15 ገጽ ፎቶ አንስቶ፣ እያንዳንዱን በ3 ሜጋባይት መጠኑ በሰነድ መልክ ቢልክ፣ አንዱ አባል 45 ሜጋባይት፣ ሁሉም በድምሩ 13.5 ጊጋባይት ዳታ ይከፍሉበታል። ያንኑ ሒሳብ በ2 ሜጋባይት ፒዲኤፍ ቢያጠቃልለው ድምሩ ወደ 600 ሜጋባይት ይወርዳል። በዋትስአፕ "Media auto-download" የተሰኘውን ለሞባይል ዳታ ያጠፋ አባል ደግሞ የሚከፍለው ለከፈተው ፋይል ብቻ ነው።

ቴሌግራም ፋይሉን በራሱ ማከማቻ ስለሚያቆይ፣ ስልኩ የጠፋበት አባል ከወራት በኋላም መልሶ ያገኘዋል። በዋትስአፕ ግን በጊዜው ያላወረደ ሰው "ድጋሚ ይላክልኝ" ማለቱ አይቀርም። ይሁንና ይኸው ማከማቻ ዋጋ አለው። የዋትስአፕና የሲግናል ቡድን መልእክት ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተቆለፈ በመሆኑ ድርጅቶቹ ይዘቱን ማንበብ አይችሉም። የቴሌግራም ቡድን መልእክት ቁልፍ ግን በድርጅቱ እጅ ነው።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚያሰጋው ሌላ ነው። በቴሌግራም ስልክ ቁጥርን መደበቅ ስለሚቻል፣ አጭበርባሪ የገንዘብ ያዡን ስምና ፎቶ ገልብጦ ቡድኑ ውስጥ "የባንክ ሒሳቡ ተቀይሯል" ሊል ይችላል። በዋትስአፕ ቁጥሩ ስለሚታይ ማመሳከር ይቻላል። በአንጻሩ የአባላት ሁሉ ቁጥር ለማንኛውም ገቢ ይጋለጣል። ስለሆነም በየትኛውም መተግበሪያ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ሲነገር፣ ቀድሞ በተመዘገበው ስልክ ገንዘብ ያዡን ደውሎ ሳያረጋግጡ መክፈል አይገባም።

ቴሌግራም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገሪቱ ተዘግቶ እንደነበረም አይዘነጋም። ስለዚህ ለሰፊው አባል ጥሪና ሰነድ ቴሌግራም፣ ለኮሚቴው የገንዘብ ምክክር ዋትስአፕ ወይም ሲግናል ሲያዋጣ፣ የአባላት ስልክ ዝርዝር ደግሞ በወረቀት ጸሐፊው ዘንድ ሊቀመጥ ይገባል።