ቁልፉን የነካው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የአሜሪካን የኑክሌር መሣሪያ የሚመራው ስትራቴጂክ ዕዝ በትዊተር ገጹ ይህን አወጣ፦ ;l;;gmlxzssaw። ምስጢራዊ ትእዛዝ የመሰላቸው ነበሩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ከቤቱ ሆኖ ገጹን የሚያስተዳድረው ሠራተኛ ለአፍታ ዞር ሲል ሕፃን ልጁ በቁልፎቹ ተጫውቷል።

ጽሑፉ ራሱ ይህን ይመሰክራል። መነሻው ;l;; በቀኝ በኩል ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች ናቸው። ከዚያ እጁ መሐል ያሉትን g እና m ነካካ፣ ወደ l ተመለሰና ወደ ግራ ተሻገረ፤ xzssaw የተጻፈባቸው አምስቱም ቁልፎች በግራ ጥግ ተጠጋግተው ይገኛሉ። በእንግሊዝኛ ቃል የሚጽፍ ሰው እንዲህ አይሰፍርም። አናባቢዎቹ በሰሌዳው ላይ የተበታተኑ ስለሆኑ ጣቶቹ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይመላለሳሉ።

ድመት ደግሞ ሌላ አሻራ ትተዋለች። መዳፏ ከአንድ ቁልፍ ስለሚሰፋ ጎረቤታሞቹን በአንድ ቅጽበት ትጫናለች፤ ቆም ካለች ደግሞ ኮምፒውተሩ አንዱን ፊደል ሳያቋርጥ ይደጋግመዋል፦ ggggggggg። ሰው ግን ቁልፉን መትቶ ወዲያው ይለቃል።

የአሪዞናው ክሪስ ኒስዋንደር ፓውሴንስ የተባለውን ፕሮግራም የሠራው በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ነው። ፕሮግራሙ የቁልፎቹን ቅንጅትና የአመታታቸውን ጊዜ አይቶ ድመት መሆኗን ሲገምት ሰሌዳውን ይዘጋል፤ ድመቷን የሚያባርር ድምፅም ያሰማል። ባለቤቱ ሥራውን ለመቀጠል human ብሎ መጻፍ ይችላል። ፈጠራው በ2000 የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ፊደላቱ ብቻ ሁልጊዜ አይበቁም። ሰልችቶት asdf የሚነካካ አዋቂም ጎረቤታም ቁልፎችን ነው የሚመታው፤ እሱን ከድመት የሚለየው ቁልፎቹን ተራ በተራ መጫኑ ነው።