ተረትና እውነታ፦ የአዲስ ምርት በጀት በመቶኛ አይጀመርም

አዲስ ምርት ወደ ገበያ የሚያወጣ ሰው የማስተዋወቂያ ገንዘቡን በሦስት ይከፍለዋል፦ ሰው እንዲያውቀው፣ አመዛዝኖ እንዲያምንበት፣ መጨረሻም እንዲገዛው። ክፍፍሉ እንዴት ይሁን ሲባል የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ምርቱን ማንም ስለማያውቀው ትልቁ ድርሻ ለማሳወቅ ይሂድ፣ ቀሪው ለሁለቱ ይበቃል» ይባላል። 60 ለ40 የሚል ቀመር የሚጠቅሱም አሉ። ቀመሩ ሌስ ቢኔትና ፒተር ፊልድ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ካሳተሙት ጥናት የመጣ ነው። ሁለቱ ሰዎች ያጠኑት በብሪታንያ የማስታወቂያ ባለሙያዎች ተቋም ለሽልማት የቀረቡ ዘመቻዎችን ሲሆን፣ 60 በመቶው የንግድ ስምን ለረጅም ጊዜ ለመገንባት፣ 40 በመቶው ደግሞ ሽያጭን ቶሎ ለማነሣሣት ሲውል የተሻለ ውጤት የታየበት አማካይ ነው። አብዛኞቹ ዘመቻዎችም ስማቸው አስቀድሞ ለታወቀ ምርቶች የተደረጉ ነበሩ። ስለዚህ ቁጥሩ ትናንት ለተወለደ ዕቃ የተሠራ አይደለም፤ ሦስቱን ደረጃዎችም አይከፋፍልም።

ነገሩን እብናት ላይ ባለ የእህል ነጋዴ እንየው። ሊሸጥ ያሰበው ፒክስ የሚባለውን የእህል ማከማቻ ከረጢት ነው። ይህ ከረጢት መጀመሪያ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለአተር መሰል እህል ተሠርቶ ኋላ ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። ውጪው እንደ ተለመደው ማዳበሪያ የተሸመነ ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። አፉ ጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ከረጢቱን ሲያዩት ከሌላው ማዳበሪያ እምብዛም አይለይም፣ ዋጋው ግን ይበልጣል። ጥቅሙ የሚታየው ታስሮ ወራት ከቆየ በኋላ ሲከፈት ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በድምፅ ማጉያ ብቻ ማስተዋወቅ ስሙን ያሳውቃል፤ ገበሬው ግን የዓመት ቀለቡን ለማያውቀው ላስቲክ አደራ አይሰጥም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ራያንና ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ በ1943 ስለ አዮዋ ገበሬዎችና ስለ ድቅል የበቆሎ ዘር ያሳተሙት ጥናት የታወቀ ነው። ገበሬዎቹ ዘሩን መጀመሪያ የሰሙት በአብዛኛው ከሻጮች ነበር፤ እንዲገዙ ያሳመናቸው ግን ከማንም በላይ ጎረቤት ነው። ከመስማት እስከ መቀበል የፈጀው ጊዜም በአማካይ ዘጠኝ ዓመት ያህል ነበር። ማሳወቅና ማሳመን በአንድ አፍ የሚሠሩ ሥራዎች አለመሆናቸው፣ መካከላቸው ያለው ርቀትም ገንዘብ የሚበላ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ ሒሳቡ ከመቶኛ ሳይሆን ከሽያጩ ወደ ኋላ ይጀምር። የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ነጋዴው በራሱ ቆጠራ ይተካቸዋል። በወር 5,000 ብር፣ በዓመት 60,000 ብር አለው። ግቡ 1,200 ከረጢት ነው። አንድ ቤተሰብ ሁለት ከገዛ 600 ቤተሰብ ያስፈልጋል። ከረጢቱ ሲከፈት በዓይናቸው ካዩት ከአራቱ አንዱ ይገዛል ብንል 2,400 ሰው ማየት አለበት፤ ከሰሙት ከሦስቱ አንዱ ሊያይ ይመጣል ብንል 7,200 ሰው መስማት አለበት። ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያና በወረቀት አንድ ሰው ዘንድ መድረስ 2 ብር ቢፈጅ 14,400 ብር ይሆናል። በየቀበሌው በገበሬ ቤት የሚደረግ ማሳያ 40 ሰው ቢያይ፣ 60 ማሳያ ያስፈልጋል፤ አንዱ 600 ብር ቢፈጅ 36,000 ይደርሳል። ከረጢቱን ወደ ቀበሌ ሱቆች ለማድረስና ለሻጮች ድርሻ ለመስጠት በአንዱ 8 ብር ቢወጣ 9,600 ብር ነው። ድምሩ 60,000፤ ክፍፍሉም ለማሳወቅ 24፣ ለማሳመን 60፣ ለመሸጥ 16 በመቶ ሆነ። ትልቁን ድርሻ የወሰደው መካከለኛው ነው፤ ማንም ስለ ፈለገ ሳይሆን ምርቱ የሚያስጠይቀው ማስረጃ ስለሆነ። ወጪው በአንድ ከረጢት 50 ብር ስለሚደርስ ትርፉ ከዚያ ካነሰ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ዋጋው ወይም ግቡ ነው።

ሁለተኛው ተረት የወር በጀት በየወሩ እኩል ይውጣ የሚለው ነው። ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል እንጂ ሥራው በወር አይመጣም። ማሳያው እህል ከገባ በኋላ በጥር ይታሰራል፤ የሚከፈተው ነቀዝ በሌላው ቤት በሚያመርርበት በሰኔ ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ጥር የተጠራቀመው 25,000 ብር ከረጢት ለመግዛትና ለማሰር ይውላል፤ ይህ 24,000 ይወስዳል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ምንም አይወጣም ማለት ይቻላል። በግንቦትና በሰኔ 10,000 ብር ሰዉን ወደ መክፈቻው ለመጥራት፣ 12,000 ብር ለመክፈቻው ራሱ ይሆናል። የቀረው 14,000 ብር ደግሞ እህል እንደገና እስከሚገባበት ኅዳርና ታኅሣሥ ይቆያል፤ 4,400ው ለማስታወሻ ጥሪ፣ 9,600ው ለሽያጩ ነው። በየካቲት ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ጎታው የሞላ ሰው ላይ ይጮኻል።

ማሳያው ከከሸፈ ግን የበጀቱ ስድሳ በመቶ በራሱ በነጋዴው ላይ ይሠራል። እርጥብ እህል ከታሰረ ይሻግታል፤ አይጥ ላስቲኩን ከበሳው ነቀዙ አይሞትም። ከማሰሩ በፊት ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል በደረቅ ጠርሙስ አድርጎ መነቅነቅ ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። የሚታሰረው እህልም ማሽላ ወይም በቆሎ ይሁን። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም ስለማይደፍረው፣ ለጤፍ አምራች የተደረገ ማሳያ ምንም አያሳይም።

አንባቢ ቴሌብርን ሊያነሣ ይችላል። ግንቦት 2021 እንደ ፈረንጆቹ ሲጀምር ብዙ ሕዝብ የተመዘገበው በየቀበሌው ማሳያ ሳይደረግ ነው። እውነት ነው፤ ግን *127# ደውሎ መመዝገብ ምንም አያስከፍልም፣ ካልተስማማም የሚጠፋ ቀለብ የለም፣ ባለቤቱ ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ ስሙ በየቤቱ የታወቀ ነበር። መሞከር ርካሽ በሆነበት ምርት መካከለኛው ደረጃ ይጠብባል፣ ለማሳወቅና ለማቀላጠፍ የሚወጣው ያድጋል። ሌላው ተቃውሞ «ጎረቤት ለጎረቤት በነፃ ይነግራል» የሚለው ነው። ይነግራል፤ አዮዋ ላይ ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል፣ ሱቁ ደግሞ ይህን ያህል ኪራይ ከፍሎ አይጠብቅም።

የተመደበው ድርሻ ልክ መሆኑን ለማወቅ ሰፊ ጥናት አያሻም፤ ነጋዴው በሚሠራበት በአማራ ክልል እንደ ፈረንጆቹ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር ስናስብ በስልክ ብቻ የሚቆጠር መለኪያ ላይ መደገፍም አደገኛ ነው። ባለሱቁ የሚጠየቀውን ጥያቄ በደብተር ይመዝግብ። «ይሄ ምንድን ነው?» የሚበዛ ከሆነ ማሳወቁ ሳስቷል። «እውነት ነቀዝ አይገባውም? ለማሽላ ይሆናል?» ከሆነ ማሳያው አልበቃም። «መቼ ነው የሚመጣው? ለእኛ ቀበሌ የለም?» ካሉ ደግሞ ተጨማሪ ማስታወቂያ ብክነት ነው፤ ገንዘቡ ወደ ማጓጓዣ ይዙር። በሁለተኛው ዓመት ክፍፍሉ ዳግም ይሰላል፤ ከረጢቱ በጥንቃቄ ከተያዘ ሁለት ሦስት ምርት ዘመን ስለሚያገለግል ዘንድሮ የገዛው ሰው በሚመጣው ዓመት ደንበኛ ሆኖ አይቆጠርም፣ ግቡ የሚሞላው ገና ባላዩ ቀበሌዎች ነው።