የፈንድ ትርፍ ከየት ይመጣል? ባለ ሦስት ፋክተሩ ምርመራ

አንድ የአክሲዮን ፈንድ ከገበያው አማካይ በላይ ሲያተርፍ ብልጫው ከአስተዳዳሪው ችሎታ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ፈንዱ ከያዛቸው አክሲዮኖች ዓይነት የመጣም ሊሆን ይችላል። አሜሪካውያኑ ኢኮኖሚስቶች ዩጂን ፋማና ኬኔት ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ባለ ሦስት ፋክተር ሞዴል ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

ስሌቱ የሚሠራው በወርኃዊ ትርፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ የ60 ወራት መረጃ ይወሰዳል። በመጀመሪያ ከፈንዱ ትርፍ ላይ የአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ይቀነሳል። ቀሪው በሚከተለው ሪግሬሽን ይመረመራል፦

R − Rf = α + b(Rm − Rf) + s·SMB + h·HML + e

የመጀመሪያው ፋክተር ገበያው ከሰነዱ ወለድ በላይ ያስገኘው ትርፍ ነው። SMB የትናንሽ ኩባንያዎች ትርፍ ከትልልቆቹ ምን ያህል እንደሚበልጥ ይለካል። HML ደግሞ የመዝገብ ዋጋቸው ከገበያ ዋጋቸው አንጻር ከፍ ያለ፣ ማለትም ርካሽ የሆኑ አክሲዮኖች ከውድ አክሲዮኖች በላይ ያስገኙት ትርፍ ነው። b፣ s እና h ሎዲንግ ይባላሉ፤ የፈንዱ ትርፍ ከእያንዳንዱ ፋክተር ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚንቀሳቀስ ያሳያሉ።

ለምሳሌ የአንድ ፈንድ ውጤት b = 0.95፣ s = 0.55፣ h = 0.40 ሆነ እንበል። በዚያው ዘመን ገበያው ከሰነዱ ወለድ በላይ በዓመት 6 በመቶ፣ SMB 2 በመቶ፣ HML 3 በመቶ አስገኝተዋል። ከገበያው 5.7፣ ከመጠን 1.1፣ ከዋጋ 1.2፣ በድምሩ 8 በመቶ ይጠበቃል። ፈንዱ በተጨባጭ 8.3 ካስገኘ ገበያውን በ2.3 በልጧል፤ ለአልፋ የሚተርፈው ግን 0.3 ብቻ ነው። የአልፋው መደበኛ ስህተት 1.2 ከሆነ ይህ ቅሪት ከዜሮ አይለይም። አልፋ ቁም ነገር የሚሆነው ከመደበኛ ስህተቱ ሁለት እጥፍ ያህል ሲበልጥ ነው። እዚህ ብልጫው በአብዛኛው ትናንሽና ርካሽ አክሲዮኖችን ከመያዝ የመጣ ነው።

ሎዲንግ ሲነበብ s = 0.55 ማለት 55 በመቶው ንብረት በትናንሽ ኩባንያዎች ላይ ውሏል ማለት አይደለም። ዜሮም መካከለኛ ኩባንያዎችን አያመለክትም። አጠቃላዩ ገበያ በኩባንያዎች የገበያ ዋጋ ስለሚመዘን የትልልቆቹ ክብደት ያይልበታል፤ ስለዚህ ዜሮ ሎዲንግ ያለው ፈንድ በመጠን ረገድ እንደ ገበያው ነው ማለት ነው። ግዙፎቹን ብቻ የሚይዝ ፈንድ አብዛኛውን ጊዜ አሉታዊ s ያሳያል። አሉታዊ h ደግሞ ወደ ውድ የዕድገት አክሲዮኖች ማዘንበልን ያመለክታል።

ሪግሬሽኑ የሚሰጠው የዘመኑን አማካይ ነው። ፈንዱ መሐል ላይ ስልቱን ከቀየረ ቁጥሩ የትኛውንም ወቅት በትክክል አይገልጽም። ይህን ለማወቅ 60ዎቹን ወራት ለሁለት ከፍሎ እንደገና ማስላት ይቻላል፤ የሁለቱ አጋማሾች ሎዲንግ ከመደበኛ ስህተታቸው እጅግ አልፎ ከተራራቀ፣ አንዱ አማካይ ቁጥር ሊታመን አይገባም።