ፒዲኤፋችሁ ለምን ከበደ? ፊደሉና ማህተሙ ሳይጠፋስ እንዴት ይቀንሳል?

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ዶክመንቶቻችሁን ስካን አስደረጋችሁ እንበል። ቴምፖ 1 ገጽ፣ ስቱደንት ኮፒ 2 ገጽ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት 1 ገጽ፣ የድጋፍ ደብዳቤ 1 ገጽ፣ መታወቂያ 1 ገጽ፤ በድምሩ 6 ገጽ ነው። በፍላሽ ይዛችሁት የመጣችሁት ፒዲኤፍ ግን 24 ሜጋባይት ሆኖ አረፈው። የምታመለክቱበት ፖርታል ከ2 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ሌሊት ይዘጋል። ፋይሉን 12 እጥፍ ማሳነስ አለባችሁ። እዚህ ላይ ሁለት አደጋ አለ። ካልቀነሰ ፖርታሉ አይወስደውም፤ ከመጠን በላይ ከቀነሰ ደግሞ ፖርታሉ ይወስደዋል፣ መርማሪው ግን ማንበብ አይችልም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩን የምታውቁት ምዝገባው ካለፈ በኋላ ነው።

ክብደቱ ከየት መጣ?

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፍ የለም፤ ያለው የወረቀቱ ፎቶ ነው። ፎቶው በጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ ስንት ነጥብ እንደተደረደረ የሚነግረን መለኪያ ዲፒአይ ይባላል። አንድ ኤ4 ወረቀት 8.27 በ11.69 ኢንች ነው። በ600 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ በአግድም 4,960፣ በቁመት 7,016 ነጥብ ይይዛል፤ ሲባዛ ወደ 35 ሚሊዮን ይጠጋል። በ150 ዲፒአይ ቢሆን ኖሮ 1,240 በ1,754፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዲፒአዩ በ4 ሲከፈል የነጥቦቹ ብዛት በ16 ይከፈላል፤ ምክንያቱም ቅነሳው በአግድምም በቁመትም ነው።

ዚፕ ማድረግ የማይረዳውም ለዚህ ነው። በፒዲኤፉ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ ጄፔግ በሚባለው ዘዴ አስቀድመው ተጨምቀዋል፤ የተጨመቀን እንደገና ብትጨምቁት የሚወጣ ነገር የለም። መቀነስ ያለበት የነጥቦቹ ብዛት ነው።

ፊደላችን ስንት ነጥብ ይፈልጋል?

በ10 ፖይንት የተጻፈ ፊደል በ72 ዲፒአይ ሲቀመጥ በቁመት የሚደርሰው 10 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። ‹‹ተፈራ›› እና ‹‹ተፈሪ››ን የሚለየው የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ ቅጥያ ናት። ያቺ ቅጥያ በዚህ መጠን አንድ ነጥብ ብታገኝ ነው፤ ጄፔግ ደግሞ በፊደሉ ዙሪያ የሚያመጣው ብዥታ አንድ ነጥብን በቀላሉ ይውጣል። በ150 ዲፒአይ ግን ያው ፊደል 21 ነጥብ ያህል ስለሚያገኝ ቅጥያው ይታያል። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ደብዳቤም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ በቁቤ ጽሑፍ ውስጥ ሁዻ የምትባለዋ የአፖስትሮፍ ምልክት ቀድማ የምትጠፋዋ ናት። ስለዚህ 150ን እንደ ወለል ያዙ፤ ከዚያ በታች የምትወርዱት ሲቸግር ብቻ ነው።

ፋይሉን ለማሳነስ ተብሎ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚለውን የስካን ምርጫ መውሰድም ያስከፍላል። በዚህ ምርጫ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ። ወይን ጠጁ ማህተም ወይ ጭራሽ ይጠፋል ወይም ጠቁሮ ፊርማውን ይሸፍናል። ማህተም ያለበትን ገጽ በቀለም፣ ቢበዛ በግራጫ ተዉት። ግራጫ ፋይሉን በሦስት እጥፍ ይቀንሳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ ጄፔግ ድሮም ቀለሙን ከብርሃኑ ባነሰ ዝርዝር ስለሚያስቀምጥ የምታተርፉት ከዚያ ያነሰ ነው።

እንዴት ይቀነሳል?

ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብላችሁ ከሆነ መፍትሔው አጭር ነው፦ ‹‹እባክህ ወንድሜ፣ በ150 ዲፒአይ አድርግልኝ›› በሉት። ፋይሉ አንዴ እጃችሁ ከገባና ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ ጎስትስክሪፕት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። መታወቂያችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ለማታውቁት ድረ ገጽ ከመላክም ያድናችኋል።

```
gs -sDEVICE=pdfwrite -dPDFSETTINGS=/ebook -dNOPAUSE -dBATCH -sOutputFile=new.pdf old.pdf
```

ዊንዶውስ ላይ `gs` በሚለው ፋንታ `gswin64c` ብላችሁ ጻፉ። `/ebook` ማለት ‹‹ፎቶዎቹን ወደ 150 ዲፒአይ አውርድ›› ማለት ነው። `/screen` የሚለው ወደ 72 ያወርዳል፤ ፋይሉ በጣም ቢያንስም ከላይ ያየነውን የፊደል ችግር ያመጣልና ተዉት።

የእኛ 24 ሜጋባይት በ600 ዲፒአይ የተሠራ ከነበረ፣ በ16 ሲካፈል 1.5 ሜጋባይት ይመጣል። በተግባር ግን ከዚህ ከፍ ይላል። ነጥቦቹ ሲያንሱ እያንዳንዱ ነጥብ የሚሸከመው ዝርዝር ስለሚጨምር ጄፔግ እንደ በፊቱ አጥብቆ መጭመቅ አይችልም። 2.3 ቢመጣላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ከወረቀቱ ውጭ ያለውን ጠርዝና የጠረጴዛ ጥላ ቁረጡ፤ ጥላ ለመርማሪው ምንም አይጠቅምም፣ ቦታ ግን ይበላል። ካልበቃ `-dColorImageResolution=130 -dGrayImageResolution=130` የሚለውን ከ`/ebook` ቀጥሎ ጨምሩና ከዋናው ፋይል እንደገና ጀምሩ። የተቀነሰውን ደግማችሁ አትቀንሱ፤ ጄፔግ በተደጋገመ ቁጥር ብዥታው ይደራረባል።

ትእዛዙ ሠርቶ ፋይሉ ካልቀነሰስ?

ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ጎስትስክሪፕት ፎቶን የሚያሳንሰው ከታለመለት ዲፒአይ በ1.5 እጥፍ ሲበልጥ ነው። ለ150 ገደቡ 225 ስለሆነ፣ በ200 ዲፒአይ የተሠራ ስካን ሳይነካ ያልፋል። ይህን ጨምሩበት፦

```
-dColorImageDownsampleThreshold=1.0 -dGrayImageDownsampleThreshold=1.0
```

ሁለተኛው በስልክ ፎቶ በተሠሩ ፒዲኤፎች ላይ ይታያል። አንዳንድ አፖች እያንዳንዱን የፎቶ ነጥብ አንድ ሰባ ሁለተኛ ኢንች አድርገው ይቆጥሩታል። 3,000 ነጥብ ስፋት ያለው ፎቶ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው ‹‹ወረቀት›› ይሆናል ማለት ነው። ጎስትስክሪፕት ይህን ሲያይ ፎቶው 72 ዲፒአይ ስለሚመስለው ‹‹ትንሽ ነው›› ብሎ ይተወዋል። የዶክመንቱን Properties ከፍታችሁ የገጹን ስፋት እዩ፤ ከ21 ሴንቲሜትር እጅግ የራቀ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ፎቶዎቹን ዎርድ ውስጥ በኤ4 ገጽ ላይ አስገቡ፣ Compress Pictures በሚለው ውስጥ 150 ppi ምረጡ፣ ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጎስትስክሪፕት ለሌላችሁም ይኸው መንገድ ይሠራል።

ዎርድ ላይ የጻፋችሁትን ሲቪ ወይም ማመልከቻ ግን አትማችሁ ስካን አታስደርጉ። በቀጥታ ፒዲኤፍ ስታደርጉት ፊደሎቹ በፊደልነታቸው ስለሚቀመጡ ገጹ ኪሎባይቶች ብቻ ይወስዳል፤ ቢያጎሉትም አይደበዝዝም።

ከመላካችሁ በፊት አዲሱን ፋይል በ100 ፐርሰንት ከፍታችሁ አራት ቦታ አንብቡ፦ ሙሉ ስማችሁን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ስቱደንት ኮፒው ላይ ያሉትን ውጤቶችና በማህተሙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ። 3 እና 8 ካልተለዩላችሁ ለመርማሪውም አይለዩለትም። መጠኑም ልክ 2 ሜጋባይት ላይ ከሚንጠለጠል 1.9 ላይ ቢቆም ይሻላል፤ አንዳንዱ ሲስተም ሜጋባይትን 1,000 ኪሎባይት፣ ሌላው 1,024 ብሎ ይቆጥራልና። የ24 ሜጋባይቱን ዋና ፋይል አታጥፉት፤ የሚቀጥለው ፖርታል 5 ሜጋባይት ቢፈቅድ የምትነሱት ከእሱ ነው።