ውሻን ማምከን፦ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና ተስማሚው ዕድሜ

ውሻን ማምከን ማለት እንዳይወልድ ወይም እንዳያስወልድ የመራቢያ አካሉን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ከወንዱ ሁለቱ የዘር ፍሬዎች ይወጣሉ፤ በተለምዶ ማኮላሸት የሚባለው ይህ ነው። ከሴቷ ደግሞ ሁለቱ እንቁል እጢዎች ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ማህፀኗም አብሮ ይወጣል። እነዚህ አካላት ዘር ከማፍራት ሌላ ሆርሞን ያመነጫሉ። ሆርሞኑ የስሪያ ወቅትን ያመጣል፣ ወንዱን ሴት ፍለጋ ከግቢ ያስወጣል፣ አጥንት ማደጉን የሚያቆምበትንም ጊዜ ይወስናል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው መውለድን ብቻ ሳይሆን ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ያስቀራል። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለሴት ውሻ ትልቁ ጥቅም የማህፀን መመረዝን መከላከሉ ነው። በየስሪያው ወቅት የማህፀኗ ግድግዳ ጽንስ ለመቀበል ይወፍራል፤ ባታረግዝም ለሳምንታት በዚያው ሁኔታ ይቆያል። ይህ ሲደጋገም ማህፀኑ ለባክቴሪያ ምቹ ይሆንና መግል ይቋጥራል። ስዊድን ውስጥ ኢንሹራንስ በተገባላቸው ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ካልመከኑ ሴት ውሾች ከአራት አንዷ ገደማ አሥር ዓመት ሳይሞላት በዚህ ሕመም ትያዛለች። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሪያው ካለፈ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ነው። ውሻዋ ምግብ ትተዋለች፣ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ደጋግማ ትሸናለች፣ ታስመልሳለች። መግሉ ወደ ውጭ ከፈሰሰ ባለቤቱ ቶሎ ይነቃል፤ የማህፀኑ በር ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ከቀረ ግን ሕመሙ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ያን ጊዜ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በጤንነቷ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ከሚደረገው እጅግ የከበደና አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የጡት ካንሰርን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ስሪያ በፊት የመከነች ውሻ ለጡት ካንሰር ያላት ተጋላጭነት ካልመከነችው 0.5 በመቶ ብቻ እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው ስሪያ በኋላ ከሆነ 8 በመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ 26 በመቶ እንደሚደርስ ገለጸ። ይህን ጥናትና መሰሎቹን ኋላ ላይ የመረመሩ ባለሙያዎች ማስረጃው ሲነገርለት የኖረውን ያህል ጠንካራ እንዳልሆነ አሳስበዋል። በመሆኑም ቀድሞ ማምከን የጡት ካንሰርን ሊቀንስ ይችላል ማለት ይቻላል፤ ለትልልቅ ውሾች ግን ይህ ብቻውን ለመቸኮል በቂ ምክንያት አይሆንም።

በወንዱ ላይ የዘር ፍሬ ካንሰር ጨርሶ ይቀራል፤ በዕድሜ የሚመጣው የፕሮስቴት ማበጥና እሱን ተከትሎ የሚመጣው የሽንትና የሰገራ ችግርም እንዲሁ። የፕሮስቴት ካንሰር ግን በዚህ አይከለከልም። ጠባዩን በተመለከተ፣ ሴት ፍለጋ አጥር መዝለሉና መንገድ ላይ ከሌሎች ወንዶች ጋር መናከሱ ይቀንሳል፤ በዚህም በመኪና የመገጨቱና ከእብድ ውሻ ጋር የመገናኘቱ ዕድል ያንሳል። የእብድ ውሻ በሽታን የሚከላከለው ግን ክትባት ብቻ ነው። የተኮላሸ ውሻ ግቢ መጠበቁን ይተዋል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ለባዕድ ሰው መጮህና የራስን ቦታ መከላከል በዋናነት የዚህ ሆርሞን ውጤት አይደለም። በአንጻሩ ከፍርሃት የተነሣ የሚናከስ ውሻ በመኮላሸቱ ብቻ አይሻለውም፤ አንዳንዱም ፍርሃቱ ሊብስበት ይችላል።

ከጉዳቶቹ መካከል በብዛት የሚታየው ውፍረት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰውነቱ የሚያስፈልገው ምግብ ይቀንሳል፤ የመብላት ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። የምግቡ መጠን ከሩብ እስከ ሲሶ ካልተቀነሰለት በወራት ውስጥ ይወፍራል። በእጅ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቱ በቀላሉ የማይገኝ ውሻ ከልክ በላይ ወፍሯል። በሴቶች ላይ የሚታየው ሌላው ችግር በተኙበት ሽንት ማምለጥ ሲሆን፣ ከ20 ኪሎ በላይ በሆኑና ገና በልጅነታቸው በመከኑት ላይ ይበዛል። ብዙዎቹ በመድኃኒት ይሻላቸዋል፤ መድኃኒቱ ግን ለዓመታት ሊያስፈልግ ይችላል።

የዕድሜን ጉዳይ ወሳኝ የሚያደርገው የመገጣጠሚያ ችግር ነው። በቡችላ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ የቅርጭጭት ንጣፍ አለ። የጉርምስና ሆርሞን ሲመጣ ይህ ንጣፍ ይደነድናል፤ እድገቱም ያበቃል። ሆርሞኑ ቀድሞ ከተቋረጠ ንጣፉ ሳይዘጋ ይቆይና አጥንቱ ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ያን ጊዜ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ክብደት የሚሸከምበት አቅጣጫ ይዛባል፤ የጉልበት ጅማት መበጠስና የዳሌ አጥንት በወጉ አለመግጠም ይከተላሉ። በትንሽ ውሻ ላይ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ፣ እድገቱም ቶሎ ስለሚያበቃ ይህ እምብዛም አይታይም። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በድቅል ውሾች ላይ ያደረጉት ጥናትም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው መምከናቸው የመገጣጠሚያ ችግርን ያበዛባቸው ሙሉ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በላይ የሆኑት ናቸው።

ስለዚህ መለኪያው ውሻው ሲያድግ የሚደርስበት ክብደት ነው። ከ20 ኪሎ በታች ለሚሆን ውሻ ወንዱን በስድስት ወር፣ ሴቷን ከመጀመሪያው ስሪያ በፊት ማለትም በአምስትና በስድስት ወር መካከል ማምከን ይመከራል። ከ20 ኪሎ በላይ የሚሆን ወንድ እድገቱን እስኪጨርስ፣ ማለትም ከ9 እስከ 15 ወር ድረስ መጠበቅ አለበት። በዚሁ ክብደት ላለች ሴት የጊዜው ክልል ከ5 እስከ 15 ወር ይሰፋል፤ ምክንያቱም መዘግየት መገጣጠሚያዋን ሲጠቅም የጡት ካንሰርና ያልተፈለገ እርግዝና ዕድልን ይጨምራል። እንደ ግሬት ዴን ያሉ ግዙፍ ዝርያዎች እድገታቸው ዓመት ተኩል ገደማ ስለሚወስድ ከዚያም በላይ መጠበቅ ይሻላል። ዝርያው የማይታወቅ ቡችላ ከሆነ የወላጆቹ መጠን ጥሩ ፍንጭ ነው። እነሱ ካልታወቁ በአራት ወሩ ይመዘን፤ በመካከለኛ ውሻ ላይ ይህ ክብደት ከሙሉ ክብደቱ ግማሽ ገደማ ነው። በዚያ ዕድሜ 7 ኪሎ የሆነ ቡችላ ሲያድግ 14 ኪሎ አካባቢ ይሆናል፤ በስድስት ወሩ ቢመክን አያሰጋም።

አስቸጋሪው ውሳኔ የትልቅ ሴት ውሻ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ የምትኖር የሰባት ወር ጀርመን ሼፐርድ እንውሰድ። ይህን ዝርያ ያጠኑት የዴቪስ ተመራማሪዎች ካልመከኑት ሴቶች 5 በመቶው፣ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ከመከኑት ደግሞ 16 በመቶው የመገጣጠሚያ ችግር እንደገጠማቸው አገኙ። ቀድመው ከመከኑት 7 በመቶው ሽንት ያመልጣቸው ነበር፤ ካልመከኑት ግን አንዷም አልታየባትም። የጡት ካንሰር ደግሞ ካልመከኑት በ4 በመቶው፣ ቀድመው ከመከኑት ከ1 በመቶ ባነሱት ላይ ታይቷል። ቁጥሮቹ ሲመዛዘኑ ለዚህ ዝርያ መጠበቅ ይመረጣል።

መጠበቅ ግን በግቢው ሁኔታ ይወሰናል። አጥሩ የማያስገባ ከሆነ፣ በስሪያዋም ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል ከወንድ የሚለያት ሰው ካለ፣ የመጀመሪያዋን ስሪያ አሳልፎ ከዚያም ዘግይቶ ማምከን ይቻላል። ውሻዋ በአሥረኛ ወሯ ስሪያ ላይ ብትሆን ቀጣዩ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ይመጣል። ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው በሁለት ስሪያዎች መካከል፣ ያለፈው ካበቃ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። በስሪያዋ ጊዜ የማህፀኗ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ የመድማት አደጋው ይጨምራል፤ ስሪያው እንዳለፈ ወዲያው ከሆነ ደግሞ የሐሰት እርግዝና ሊከተል ይችላል። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነ ግቢ ውስጥ ካለች ግን መጠበቁ የሚያተርፈው ቡችላዎችን ነው፤ ለእሷ ቀድሞ መምከን የተሻለ ይሆናል።

በቀዶ ሕክምናው ቀን አዋቂ ውሻ ከቀደመው ምሽት ጀምሮ ምግብ አይሰጠውም፤ በማደንዘዣ ውስጥ ሳለ ቢያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ውሃ ግን እስከ ጠዋት አይከለከልም። ትንሽ ቡችላ የደም ስኳሩ ስለሚወርድ ረጅም ጾም አይስማማውም፤ ሰዓቱን ሐኪሙ ይወስናል። ሐኪሙ ከማደንዘዙ በፊት ክብደቱን ይመዝናል፣ ልብና ሳንባውን ያዳምጣል፣ በወንዱ ላይ ሁለቱም የዘር ፍሬዎች መውረዳቸውን በእጁ ያረጋግጣል። አንዱ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ እሱም መውጣት አለበት፤ በሙቀቱ የተነሣ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ውሻው መሮጥ፣ መዝለልና መታጠብ የለበትም፤ ስፌቱንም እንዳይልስ አንገቱ ላይ መከላከያ ይደረግለታል። ስፌቱ ዙሪያ ቀላል መቅላት ያለ ነገር ነው። ድዱ ከነጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ደም ከስፌቱ መንጠባጠቡን ካላቆመ ወይም በማግስቱ መነሣት ካቃተው ወደ ውስጥ እየደማ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ለሕመሙ የሰው መድኃኒት አይሰጠውም፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ሆድና ኩላሊት ይጎዳል፣ ፓራሲታሞልም ሊመርዘው ይችላል። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም በቱቦው ውስጥ በቀረው ዘር ለጥቂት ሳምንታት ሊያስረግዝ ስለሚችል ቢያንስ አንድ ወር ካልመከኑ ሴቶች ይለያል።

ለትንሽ ውሻ ስድስት ወር ላይ መወሰን ቀላል ነው። ትልቅ ውሻ ያለው ባለቤት ግን ቀጠሮ ከመያዙ በፊት የውሻውን ክብደትና ዕድሜ፣ ሴት ከሆነች ደግሞ የመጨረሻውን ስሪያ ቀን ጽፎ ይያዝና ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ ተስማሚው ጊዜ የሚታወቀው በእነዚህ ነው።