«ኮኼር» ማድሪድ ውስጥ ሌላ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ሌላ

ከስፔን የመጣ ጽሑፍ ለሜክሲኮ አንባቢ ሳዘጋጅ መጀመሪያ የማድነው ቃል «ኮኼር» ነው። ማድሪድ ውስጥ ከአፍ የማይጠፋ ተራ ግስ ነው፤ አውቶቡስ ለመያዝም፣ ስልክ ለማንሳትም፣ ጉንፋን ሲይዝም ያገለግላል። ሜክሲኮና አርጀንቲና ውስጥ ግን ወሲብ መፈጸምን የሚገልጽ ባለጌ ቃል ነው።

ሥሩ መሰብሰብ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግስ ነው። ነውርን ለመሸፈን የተመረጠ ጨዋ ቃል ብዙ ጊዜ ውሎ አድሮ ራሱ ነውር ይሆናል፤ «ኮኼር»ም እንዲሁ የሆነ ይመስለኛል። ሰዎች በንጹሕ ትርጉሙ መጠቀም ሲያፍሩ ብልግናው ብቻ ይሰማል።

አንድ ዓረፍተ ነገር እንይ። «ኮኼ አል ኒኞ» ስትል ስፔናዊት እናት፣ «ልጁን እቀፈው» ማለቷ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ይህ መታተም የለበትም፤ «ካርጋ አል ኒኞ» ይባላል። ከግሱ ቀጥሎ አውቶቡስ ቢመጣ ሜክሲኳዊው ሐሳቡ ይገባዋል፣ ቢስቅም። ሰው ሲመጣ ነው ጣጣው። የተናጋሪው ዘዬም ያግዛል፤ ስፔናዊ መሆኑ ከታወቀ ብዙ ይታለፍለታል።

«ለላቲን አሜሪካ» ተብሎ አንድ ቅጂ ማዘጋጀትም አይበቃም። ኮሎምቢያ ውስጥ ታክሲ «ኮኼር» ማድረግ የተለመደ ነው፤ አርጀንቲናዊው ደግሞ «ቶማር» ወይም «አጋራር» ይላል። ቃሉን በኮምፒውተር በጅምላ መተካትም አደጋ አለው፤ መምረጥ የሚለው «ኤስኮኼር» እና ማንሳት የሚለው «ሬኮኼር» ውስጥ ያው ፊደል አለ፣ እነሱ ግን ነውር የለባቸውም።