የወተት መንጋጋ ቀድሞ ሲነቀል ቦታውን ማን ይጠብቃል?

«ለማንኛውም የሚወልቅ ጥርስ ነው» የሚለው ንግግር የወተት ጥርስ በተነቀለ ቁጥር ይሰማል። ለፊት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል፤ የወተት ክራንቻዎች በቦታቸው ካሉ የፊት ጥርስ ቀድሞ ቢወልቅም ክፍተቱ ብዙ አይጠብም። ለሁለተኛው የወተት መንጋጋ ግን ይህ ንግግር አይሠራም። ከፊት መሐል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ አምስተኛው፣ ከወተት ጥርሶች ሁሉ የመጨረሻው እሱ ነው። የሚተካው ቋሚ ጥርስ የሚወጣው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በ5 ወይም በ6 ዓመቱ የተነቀለበት ልጅ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ዓመት ባዶ ቦታ ይዞ ይቆያል። የሐኪሙ ሥራ መንቀሉ ላይ እንዳያበቃ፣ ቦታውን ማስጠበቅም የሕክምናው አካል እንዲሆን የምከራከረው ስለዚህ ጥርስ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከኋላው ካለው ጥርስ ነው። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ ትልቅ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅለት ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል እንጂ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነው። ሲበቅል የሁለተኛውን የወተት መንጋጋ ጀርባ ተደግፎ ነው መስመሩን የሚይዘው። ድጋፉ ከተነሣበት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የማኘክ ኃይል በከፊል ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ጥርስን ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር የሚያያይዙት የድድ ክሮችም ይስቡታል። የታችኛው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ዘንበል እያለ ይመጣል። የላይኛው ደግሞ ፈጠን ብሎ፣ በላንቃ በኩል ባለው ትልቅ ሥሩ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ቋሚ መንጋጋ ገና ድድ ውስጥ እያለ የወተቱ ከተነቀለ ነው፤ ያኔ የሚመራው ግድግዳ ሳይኖር ወደ ባዶው ቦታ ያድጋል። ክፍተቱ በብዛት የሚጠበው ደግሞ ከተነቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። «እስኪ እንየው» ብሎ ዓመት መጠበቅ ውሳኔውን ለጥርሱ እንደ መተው የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስንት ቢሄድ ነው የሚጎዳው? የ6 ዓመት ተኩል ልጅ እንውሰድ፤ የታችኛው ግራ ሁለተኛ የወተት መንጋጋዋ በመቦርቦር ምክንያት ተነቅሏል እንበል። የወተት ክራንቻዋና ሁለቱ የወተት መንጋጋዎቿ በአንድ ላይ የያዙት ቦታ በኋላ ለሚተኳቸው ሦስት ቋሚ ጥርሶች ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ትርፉ ግን በታችኛው መንጋጭላ በአንድ በኩል በአማካይ 1.7 ሚሊሜትር፣ በላይኛው ደግሞ 0.9 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። የልጅቷ ቋሚ መንጋጋ 3 ሚሊሜትር ወደ ፊት ቢመጣ ትርፉ አልቆ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይጎድላታል። ጉድለቱ የሚደርሰው በመጨረሻ በሚመጣው ጥርስ ላይ ነው። በታች ብዙ ጊዜ የሚዘገየው የተነቀለው ጥርስ ተተኪ ራሱ ስለሆነ ወይ ወደ ምላስ በኩል ይወጣል ወይ አጥንት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። በላይ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣው ክራንቻው ነው፤ ቦታ ሲያጣ ከንፈር ሥር ከፍ ብሎ ተደርቦ ይወጣል። በ12 ዓመት የሚታየው ድርብ ክራንቻና በ6 ዓመት የተነቀለው የኋላ ጥርስ ይያያዛሉ ብሎ የሚገምት ብዙ ሰው የለም።

ቦታ የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ሐኪሞች ስፔስ ሜንቴነር የሚሉት፣ አሠራሩ ቀላል ነው። ለዚህች ልጅ በቋሚው መንጋጋ ዙሪያ የብረት ቀለበት ይጣበቃል፤ ከቀለበቱ የተነሣ የታጠፈ ሽቦ ባዶውን ቦታ አልፎ የፊተኛውን የወተት መንጋጋ ይነካል። ልብ የሚባለው ግን ይህ ሽቦ የተደገፈበት የወተት መንጋጋ ራሱ በ10 ዓመት ገደማ እንደሚወልቅ ነው፤ የሚጠበቀው ጥርስ ደግሞ በታች በ11 እና በ12 ዓመት መካከል ነው የሚወጣው። ስለዚህ አንዴ ተገጥሞ የሚረሳ ነገር አይደለም። ታች ያሉት አራቱ ቋሚ የፊት ጥርሶች 8 ዓመት ገደማ ወጥተው ሲያልቁ ከግራ መንጋጋ ወደ ቀኝ መንጋጋ በጥርሶቹ ውስጠኛ ገጽ በሚዞር ሽቦ ሊተካ ይችላል። ይህን ሽቦ ቀድሞ መግጠም አይመከርም፤ ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ከወተቶቹ በስተ ውስጥ ስለሚበቅሉ መንገዳቸውን ይዘጋል። ቋሚው መንጋጋ ገና ካልወጣ ደግሞ ጫፉ ድድ ውስጥ ገብቶ የሚመራው ሌላ ዓይነት አለ፤ የልብ ሕመም ይዘው ለተወለዱ ልጆችና የሰውነት መከላከያቸው ለደከመ ግን አይሆንም፤ ቁስሉ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

የሚነሡት ተቃውሞዎች ተገቢ ናቸው። አንደኛው «በኋላ በብሬስ ይስተካከላል» የሚል ነው። ይስተካከላል፤ ነገር ግን የሄደን መንጋጋ ወደ ኋላ መመለስ በቦታው ከማቆየት ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ጊዜውም ወጪውም ያድጋል፤ አንዳንዴም ቦታ ለማግኘት ጤነኛ ቋሚ ጥርስ ይነቀላል። ሁለተኛው ማስረጃው ደካማ ነው የሚለው ነው፤ ይህን በከፊል እቀበላለሁ። የመጀመሪያው፣ ማለትም የፊተኛው የወተት መንጋጋ ሲነቀል፣ ቋሚዎቹ መንጋጋዎች በደንብ ገጥመው ከሆነ፣ የሚጠፋው ቦታ በጥናቶች ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ለብዙ ልጅ መሣሪያ ላያስፈልግ ይችላል። መሣሪያ ለሁሉም ይገጠም የሚል ሐኪም ከጥናቱ አልፎ ይናገራል። መሣሪያው የነበረን ቦታ ይጠብቃል እንጂ አዲስ ቦታ አይፈጥርም፤ መንጋጭላው ከመነሻው ለጠበበ ልጅ መደራረቡን አያስቀርም። ራጅ ላይ ተተኪው ጥርስ ሥሩ ሁለት ሦስተኛ ያህል አድጎ፣ ከላዩ ያለው አጥንት ከሳሳ፣ በቅርቡ ስለሚወጣ መሣሪያው ትርፍ ነው። ተተኪው ጭራሽ ከሌለም ውሳኔው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ራጅ ሳይታይ «ይገጠም» ወይም «አያስፈልግም» ማለት ሁለቱም ግምት ነው።

ከሁሉ የተሻለው ጠባቂ ግን ጥርሱ ራሱ ነው። መቦርቦሩ ነርቩን ነክቶ እንኳ የላይኛው ክፍል ብቻ ከታመመ፣ እሱ ተቆርጦ ወጥቶ ጥርሱ በብረት ቆብ ሊሸፈንና እስከ ጊዜው ሊቆይ ይችላል። «ሳይነቀል ሊድን አይችልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመርፌው በፊት መቅረብ አለበት፤ «ከነቀላችሁ ቦታውን በምን ትጠብቁታላችሁ?» የሚለውም በዚያው ቀን።

መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ ዋናው ሥጋት ቀለበቱን የያዘው ማጣበቂያ መላቀቁ ነው። ልጁ ላያመው ይችላል፤ ነገር ግን በቀለበቱና በጥርሱ መካከል ምግብ እየገባ፣ ለዕድሜ ልክ የሚያስፈልገው አዲስ መንጋጋ ከሥር ይበሰብሳል። በየስድስት ወሩ መታየት አለበት። በመሐሉ ቀለበቱ በጣት ሲነካ ከተነቃነቀ፣ ሽቦው ድድ ውስጥ ከሰመጠ፣ ወይም አዲሱ ጥርስ በሽቦው መሐል ብቅ ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ ያስፈልጋል፤ በመጨረሻው ምልክት መሣሪያው ሥራውን ጨርሷል፣ ይወልቃል።